መልእክትዎ መነበቡን ስልኩ እንዴት ያውቃል? ምልክቱስ እንዴት ይዘጋል?

«አይቶት ዝም አለኝ።» «ኦንላይን ሆና አትመልስልኝም።» «ታይፕ ሲያደርግ ነበር፤ ምን እንደነካው እንጃ ተወው።» እነዚህ ሦስት አቤቱታዎች በፍቅረኞች፣ በወንድምና እህት፣ በአለቃና በሠራተኛ መካከል በየቀኑ ይሰማሉ። ሦስቱም የሚነሱት ከስልክ ላይ ከታየ ትንሽ ምልክት ነው። ከራይት፣ «online» ከሚል ቃል፣ ወይም «typing…» ከሚል ጽሑፍ።

ምልክቶቹ አይዋሹም፤ ነገር ግን የሚመሰክሩት ስልኩ ስላደረገው ነገር ብቻ ነው። ባለቤቱ አንብቦ ይሁን፣ ገብቶት ይሁን፣ ሊመልስ አስቦ ይሁን ስልኩ አያውቅም። በዚያ ላይ በአገራችን በብዛት የምንጠቀምባቸው ዋትሳፕና ቴሌግራም ተመሳሳይ ምልክት ለተለያየ ነገር ያውሉታል። የአንዱን ራይት በሌላው ሕግ የሚያነብ ሰው ያለጥፋቱ ሰው ይቀየማል። ስለዚህ ከመዝጋቱ በፊት እያንዳንዱ ምልክት ከየት እንደሚመጣ ማወቁ ይቀድማል።

ከሪያድ ወደ ደሴ የተላከ አንድ መልእክት

እንበልና ሪያድ የምትሠራ እህት ደሴ ላለው ወንድሟ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በዋትሳፕ «ገንዘቡ ደረሰህ?» ብላ ጻፈች። የሁለቱ ከተሞች ሰዓት አንድ ነው፤ ስልኳ ላይ 21:00 ይላል። መላኪያውን እንደተጫነች ከመልእክቱ ጎን ለቅጽበት ትንሽ የሰዓት ምስል ትታያለች። ይህ ማለት መልእክቱ ገና ከራሷ ስልክ አልወጣም ማለት ነው። ኔትወርክ ከሌላት የሰዓቱ ምስል እዚያው ይቆያል።

ወዲያው ምስሉ በአንድ ግራጫ ራይት ተተካ። መልእክቱ የዋትሳፕ ሰርቨር ደርሷል፤ ወንድሟ ጋ ግን አልደረሰም። የእሱ ፓኬጅ ከሰዓት በኋላ አልቆበታል። ሰርቨሩ መልእክቱን ይዞ የወንድሟ ስልክ ከኢንተርኔት እስኪገናኝ ይጠብቃል፤ ሳይደርስ የቆየ መልእክት እስከ 30 ቀን እዚያ ሊቀመጥ ይችላል። እህት ያን ሌሊት ስልኳን ደጋግማ ብታይ የምታየው ያንኑ አንድ ራይት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወንድሟ ሥራ ቦታ ገብቶ ስልኩ ከዋይፋይ ጋር ተገናኘ። መልእክቱ ገባ፤ ስልኩም ማንም ሳያዘው «ደርሶኛል» የሚል አጭር ምልክት ወደ ሰርቨሩ መለሰ። እህት ጋ ራይቱ ሁለት ሆነ፤ ቀለሙ ግን ግራጫ ነው። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው፤ እሱ ሥራ ላይ ነው። ለምሳ ሲወጣ ዋትሳፕን ከፍቶ የእህቱን ቻት ሲነካ መተግበሪያው ሁለተኛ ምልክት ላከ። ሁለቱ ራይቶች ሰማያዊ የሆኑት ያን ጊዜ ነው።

እህት መልእክቷን በጣቷ ተጭና ይዛ ከሚመጣው ዝርዝር «Info» የሚለውን ብትነካ የሁለቱንም ሰዓት ታገኛለች። «Delivered» በሚለው ሥር 08:04፣ «Read» በሚለው ሥር 12:31 ይላል። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ደርሶ ቀን 6 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ተከፍቷል ማለት ነው። አሥራ አምስት ሰዓት ተኩል «ዝም አለኝ» ያለችበት ጊዜ ሲተነተን አሥራ አንዱ ሰዓት የፓኬጅ ማለቅ፣ አራት ሰዓት ተኩሉ ደግሞ የሥራ ሰዓት ሆኖ ተገኘ። መልእክቱ ተከፍቶ ያለ መልስ የቆየው ከ12:31 በኋላ ብቻ ነው።

የአደራ ደብዳቤ ተቀባዩ ፈርሞ ሲወስደው ፖስታ ቤቱ መረከቡን እንጂ ፖስታው ተቀዶ መነበቡን አይመዘግብም። ሁለቱ ግራጫ ራይቶች ልክ እንደዚያ ፊርማ ናቸው።

ሰማያዊውም ቢሆን ገደብ አለው። ዋትሳፕ «ተነቧል» የሚለው ቻቱ ተከፍቶ መልእክቱ ስክሪን ላይ ሲወጣ ነው። የስልኩ ባለቤት ቻቱን ከፍቶ ሌላ ሰው ቢያነጋግር፣ ስልኩን ልጁ ቢነካካ፣ ወይም ቻቱ በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ክፍት ሆኖ ቢቀር ራይቱ ሰማያዊ ይሆናል። በተቃራኒው ከላይ በሚወርደው ኖቲፊኬሽን ላይ መልእክቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንብቦ ቻቱን ያልከፈተ ሰው ራይቱን ግራጫ እንዳለ ይተወዋል።

ቴሌግራም ላይ ሁለት ራይት ሌላ ትርጉም አለው

ያቺው እህት ያንኑ ጥያቄ በቴሌግራም ብትልከው ታሪኩ ይለወጣል። ቴሌግራም ላይ አንድ ራይት ማለት መልእክቱ የቴሌግራም ሰርቨር ደርሷል ማለት ነው። ሁለት ራይት ማለት ደግሞ ተቀባዩ ቻቱን ከፍቶታል ማለት ነው። በመካከሉ «ስልኩ ደርሷል» የሚል ምልክት የለም።

ምክንያቱ ቴሌግራም የተሠራበት መንገድ ነው። መደበኛው የቴሌግራም መልእክት የሚኖረው በሰርቨሩ ላይ ነው። ባለቤቱ ያንኑ አካውንት በስልኩ፣ በቢሮ ኮምፒውተሩና በታብሌቱ በአንድ ጊዜ ሊከፍት ይችላል፤ ከየትኛውም ቢገባ መልእክቱ እዚያ ይጠብቀዋል። ስለዚህ «የትኛው ስልክ ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ብዙም ትርጉም የለውም።

ስህተቱ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ዋትሳፕ የለመደ ሰው ቴሌግራም ላይ አንድ ራይት ሲያይ «ስልኩ ጠፍቷል፣ ኔትወርክ የለውም» ይላል። ሰውየው ግን ኖቲፊኬሽኑ ከገባለት ሰዓታት አልፈውት ይሆናል። ይኸው ሰው ሁለት ራይት ሲያይ «ደርሶታል፣ ገና አላየውም» ብሎ ይጠብቃል፤ ቻቱ ግን ተከፍቷል። ሁለት ግራጫ ራይት በዋትሳፕ «ደርሷል»፣ ሁለት ራይት በቴሌግራም «ተከፍቷል» ነው። ይህን አንድ ልዩነት መያዝ ብቻውን ከብዙ ኩርፊያ ያድናል።

በግሩፕ ውስጥ ልዩነቱ ይሰፋል። የቤተዘመድ ግሩፕ ውስጥ የለቅሶ መርዶ ወይም የሠርግ ጥሪ ለጠፉ እንበል። ዋትሳፕ ላይ ሁለቱ ራይቶች ሰማያዊ የሚሆኑት የግሩፑ አባላት በሙሉ ሲከፍቱት ነው። አንድ አክስት ስልካቸው ለሁለት ቀን ከተዘጋ ራይቱ ሁለት ቀን ሰማያዊ ሳይሆን ይቆያል። ቴሌግራም ላይ ግን ከአባላቱ አንዱ ብቻ እንደከፈተው ሁለተኛው ራይት ይወጣል። ስለዚህ በቴሌግራም ግሩፕ ሁለት ራይት አይቶ «ሁሉም ሰምተዋል» ማለት ስህተት ነው።

ማን እንዳየው ለማወቅ በሁለቱም መንገድ አለ። ዋትሳፕ ላይ ቅድም ያየነው «Info» የስም ዝርዝር ያወጣል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ አባላቱ ከ100 በማይበልጡ ግሩፖች ውስጥ የላኩትን መልእክት ሲነኩ ያዩት ሰዎች ይዘረዘራሉ፤ ዝርዝሩ ግን ከ7 ቀን በኋላ ይጠፋል። በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ግሩፕና በቻናል ላይ ይህ የለም። የቻናል ባለቤት ከዓይን ምስሉ ጎን የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው፤ ማን እንዳየ አይነገረውም።

«ኦንላይን» ማለት እኔ ጋ ነው ማለት አይደለም

ዋትሳፕ ላይ ከሰው ስም ሥር «online» የሚለው ቃል የሚወጣው መተግበሪያው ስክሪኑ ላይ ተከፍቶ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ነው። ከማን ጋር እንደሚያወራ አይናገርም። የልጁን የትምህርት ቤት ግሩፕ እያነበበም፣ ከአለቃው ጋር እየተጻጻፈም፣ ስልኩን ከፍቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦትም ያው ኦንላይን ነው። «ኦንላይን ሆኖ እኔን ናቀኝ» የሚለው ድምዳሜ ከምልክቱ አይወጣም።

መተግበሪያው ሲዘጋ «last seen» ይተካል፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተበት ሰዓት ነው። ይህ ሰዓት ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ተከታታይ ቀናት ሲመዘገብ አንድ ሰው ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ የትኛው ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣ ያሳያል። የሌላውን ሰው ኦንላይን መግባትና መውጣት ሌት ተቀን እየመዘገቡ ለሦስተኛ ሰው የሚያሳውቁ መተግበሪያዎችም አሉ። ስልክ ቁጥርዎን የያዘ የማያውቁት ሰው፣ የተለያችሁት ፍቅረኛ ወይም የሚያሳድድዎ ሰው ይህን ማየት የለበትም። በእኔ እምነት ከሦስቱ ምልክቶች መጀመሪያ ሊዘጋ የሚገባው ይህ ነው።

ቴሌግራም ሰዓቱን ለደበቀ ሰው ግምታዊ ቃል ያወጣል። «last seen recently» ካሁን እስከ 3 ቀን ገደማ ያለውን ጊዜ ሁሉ ያጠቃልላል። ቀጥሎ «within a week»፣ ከዚያ «within a month» ይመጣል። «a long time ago» ከወር በላይ ላልገባ ሰው የሚወጣ ነው። ብሎክ ለተደረገ ሰውም ሁልጊዜ የሚታየው ይኸው ቃል ነው፤ ስለዚህ በየቀኑ ቻናል ላይ የምታዩት ሰው በእናንተ ቻት «a long time ago» ካለ ብሎክ አድርጓችሁ ሊሆን ይችላል።

«typing…» እንዴት ይመጣል?

ሰው ጽሑፍ መጻፍ ሲጀምር መተግበሪያው «ይህ ሰው እየጻፈ ነው» የሚል አጭር ምልክት ለተነጋጋሪው ይልካል። የሚጽፈው ቃል አይላክም፤ የሚላከው መጻፉ ብቻ ነው። ምልክቱ ዕድሜው በሰከንዶች የሚቆጠር ነው። ቴሌግራም ላይ ለምሳሌ በ6 ሰከንድ ውስጥ ካልታደሰ ከስክሪኑ ይጠፋል። ሰውየው መጻፉን እስከቀጠለ ድረስ መተግበሪያው በየጥቂት ሰከንዱ ያድሰዋል። የድምፅ መልእክት ሲቀዳም ተመሳሳይ ምልክት ይወጣል።

እንግዲህ «ታይፕ ሲያደርግ ነበር፤ ተወው» የሚለውን በዚህ ዓይን እንየው። ምልክቱ የጠፋው ጽሑፉን አጥፍቶ ሊሆን ይችላል። ቃል ለመምረጥ ጣቱን ጥቂት ሰከንድ አንሥቶም፣ ስልክ ተደውሎለትም፣ ኔትወርክ ተቋርጦበትም ሊሆን ይችላል። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ኪቦርድ ሲቀይር የቆየ ሰውም ያው ይመስላል። ይህ ምልክት ከሦስቱ ሁሉ ደካማው ምስክር ነው።

አሁን እንዝጋው

ከዋትሳፕ እንጀምር። ሰማያዊው ራይት የመጣው በኅዳር 2014 እ.ኤ.አ. ነው፤ ተጠቃሚዎች ስላልወደዱት ብዙ ሳይቆይ መዝጊያ ተጨመረለት። «Settings» ውስጥ ገብተው «Privacy» ይክፈቱ፤ «Read receipts» የሚለውን ያጥፉት። ከዚያ በኋላ የሚልኩልዎ ሰዎች ቢያነቡትም ሁለት ግራጫ ራይት ብቻ ያያሉ። ግን ሕጉ የሁለት ወገን ነው። እርስዎም የሌላውን ሰማያዊ ራይት አያዩም፤ ስታተስዎን ማን እንዳየም አይነገርዎትም።

ዘግተውም የሚቀሩ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። አንደኛው ግሩፕ ነው፤ በግሩፕ ውስጥ መክፈትዎ ሁልጊዜ ይታወቃል። ሁለተኛው የድምፅ መልእክት ነው፤ የተላከልዎትን ድምፅ ሲያዳምጡ ላኪው ጋ የማይክራፎኑ ምስል ሰማያዊ ይሆናል። ቤተሰብዎ በብዛት በድምፅ የሚያወራ ከሆነ ይህ ቀዳዳ ሰፊ ነው።

ለኦንላይንና ለመጨረሻ ሰዓት እዚያው «Privacy» ውስጥ «Last seen and online» የሚለውን ይክፈቱ። ላይኛው ክፍል የመጨረሻ ሰዓትዎን ማን ይይ ብሎ ይጠይቃል። «My contacts» ካሉ ቁጥራቸውን የመዘገቧቸው ሰዎች ብቻ ያያሉ። «My contacts except…» ካሉ ከመዘገቧቸው መካከል የማይፈልጓቸውን ለይተው ያወጣሉ። «Nobody» ማንም አያይም ነው። ታችኛው ክፍል ስለ ኦንላይን ነው፤ «Same as last seen» የሚለውን ሲመርጡ ከላይ የመረጡት ሕግ ለኦንላይንም ይሠራል። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ታችኛውን ነው። ኦንላይንን መደበቅ የተፈቀደው በ2022 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት «Nobody» ብለው ያስቀመጡ ሰዎች የመጨረሻ ሰዓታቸው ተደብቆ ኦንላይን መሆናቸው ግን እስከ ዛሬ እየታየ ሊሆን ይችላል። እዚህም ሕጉ የሁለት ወገን ነው፤ የራስዎን ከደበቁ የሌላውን አያዩም። «typing…» ግን ዋትሳፕ ላይ መዝጊያ የለውም።

ቴሌግራም ላይ ነገሩ በተቃራኒው ነው። የመጨረሻ ሰዓትን በዝርዝር መቆጣጠር ይቻላል፤ ራይቱን ግን መዝጋት አይቻልም። «Settings» ከዚያ «Privacy and Security» ከዚያ «Last Seen & Online» ይግቡ። «Everybody»፣ «My Contacts» እና «Nobody» የሚሉ ሦስት ምርጫዎች ያገኛሉ። ከሥራቸው ለይተው የሚፈቅዱላቸውንና ለይተው የሚከለክሏቸውን ሰዎች የሚያስገቡበት ቦታ አለ። ለምሳሌ ለሁሉም ዘግተው ለእናትዎ ብቻ መክፈት ይችላሉ። ሰዓትዎን የከለከሉትን ሰው ሰዓት እርስዎም አያዩም፤ በክፍያ የሚገኘው የፕሪሚየም አገልግሎት ተጠቃሚ ብቻ ከዚህ ሕግ ይወጣል።

እዚሁ ገጽ ላይ «Hide Read Time» የሚል አለ። ቴሌግራም በግል ቻት ውስጥ መልእክት ስንት ሰዓት እንደተነበበ ማሳየት ጀምሯል፤ ይህን ሲያበሩ ሰዓቱ ይደበቃል። ሁለተኛው ራይት ግን መውጣቱን አይተውም። መነበቡ ይታወቃል፣ መቼ እንደተነበበ አይታወቅም ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎችን ግራ ያጋባል። «Nobody» ብለው ዘግተውም ለአንድ ሰው መልእክት ሲልኩለት፣ ወይም ሁለታችሁም ባላችሁበት ግሩፕ ውስጥ አንድ ነገር ሲያደርጉ፣ ለ30 ሰከንድ ያህል ኦንላይን ሆነው ይታያሉ። የተበላሸ ነገር የለም፤ የቴሌግራም አሠራር ነው። ሌሊት ግሩፕ ውስጥ አስተያየት ጽፎ ለወዳጁ «ተኝቼ ነበር» የሚል ሰው የሚያዘው በዚህ ነው።

ራይቱ አይዘጋም ማለት ሳይታወቅ ማንበብ አይቻልም ማለት ግን አይደለም። አንድሮይድ ስልክ ላይ ከሆኑ ከቻቶች ዝርዝር የሰውየውን ክብ ፎቶ ተጭነው ይያዙት፤ አይፎን ላይ ቻቱን ራሱን። ቻቱ በትንሽ መስኮት ይከፈትና ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀሱ ማንበብ ይችላሉ። በዚህ መንገድ ያነበቡት መልእክት ላኪው ጋ ሁለተኛ ራይት አያወጣም። በመስኮቱ ውስጥ እያሉ ነክተው ሙሉውን ቻት ከከፈቱት ግን ወዲያው ይወጣል።

የፌስቡክ ሜሴንጀር ላይ በጓደኛ ፎቶ ጎን የሚታየው አረንጓዴ ነጥብ የኦንላይን ምልክት ነው። «Settings» ውስጥ «Active status» ገብተው «Show when you're active» የሚለውን ያጥፉ። በአንዱ ስልክ አጥፍተው በኮምፒውተር ወይም በፌስቡክ መተግበሪያው ክፍት ከተዉት ነጥቡ መውጣቱን ስለሚቀጥል፣ በሚገቡበት ሁሉ ማጥፋት ያስፈልጋል። የማንበብ ምልክቱ የጓደኛዎ ትንሽ ፎቶ ከመልእክቱ ሥር መውረዷ ነው፤ መዝጊያው «Privacy & safety» ውስጥ «Read receipts» የሚለው ነው። ኢንስታግራም ላይ ሁለቱም «Messages and story replies» በሚለው ክፍል ውስጥ ይገኛሉ፤ ኢንስታግራም በተለይ የማንበብ ምልክቱን ለአንድ ሰው ቻት ብቻ ለይቶ መዝጋት ያስችላል።

«typing…» የሚለውን ጨርሶ መዝጋት ለሚፈልግ ሲግናል መልስ አለው። «Settings» ከዚያ «Privacy» ውስጥ «Read receipts» እና «Typing indicators» ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይዘጋል፤ የዘጋ ሰው የሌላውንም አያይም። በሌሎቹ መተግበሪያዎች ረጅምና ከባድ ነገር ሲጽፉ ጽሑፉን በስልክዎ ማስታወሻ ላይ ጨርሰው ቀድተው መለጠፍ በቂ ነው። ተቀባዩ ግማሽ ሰዓት «typing…» እያየ አይጨነቅም።

ብዙዎች የሚጠቀሙበት የአውሮፕላን ምልክቱን አብርቶ የማንበብ ዘዴም አለ። ኢንተርኔቱ ሲዘጋ የተከፈተው ቻት ምልክት መላክ ስለማይችል ላኪው ለጊዜው አያውቅም። ነገር ግን መተግበሪያው መከፈቱን ይዞ ይቆይና ኢንተርኔት ሲመለስ ይልከዋል። ዘዴው ያዘገያል እንጂ አይሰርዝም።

ሌላው ሰው እንደዘጋ በምን ይታወቃል?

ዋትሳፕ ላይ ጥያቄ ጠይቀው ሰውየው በትክክል ለጥያቄዎ መልስ ሰጥቶ የእርስዎ ራይቶች ግራጫ እንደሆኑ ከቀሩ ምልክቱን የዘጋው ከሁለታችሁ አንዱ ነው። መጀመሪያ የራስዎን ሴቲንግ ይመልከቱ፤ የራስዎን ዘግተው ረስተውት ከሆነ የማንንም ሰማያዊ ራይት አያዩም። የራስዎ ክፍት ከሆነ ግራጫው ራይት ከዚያ ሰው ጋር ስለ ማንበብ ምንም አይነግርዎትም፤ ሊጠብቁትም አይገባም።

አንድ ግራጫ ራይት ለቀናት ሲቆይ ደግሞ ምክንያቱ አንድ አይደለም። ስልኩ ተሰብሮ ወይም ተሰርቆ ይሆናል፤ ኢንተርኔት ላይኖረው ይችላል፤ መተግበሪያውን አጥፍቶት ይሆናል፤ ብሎክ አድርጎዎትም ይሆናል። ብሎክ የተደረገ ሰው ከአንድ ራይት በላይ አያይም፤ የሰውየውንም ኦንላይንና የመጨረሻ ሰዓት አያገኝም። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ ምልክቶች ስልኩ ለጠፋበትና ሰዓቱን ለደበቀ ሰውም ያው ናቸው። ዋትሳፕ ሆነ ብሎ ነው ለይቶ የማይናገረው፤ ብሎክ ያደረገውን ሰው ለመጠበቅ።

የመጨረሻ ሐሳቤን ልናገር። የመጨረሻ ሰዓትዎንና ኦንላይንዎን ዛሬውኑ ቢያንስ ለማያውቋቸው ሰዎች ይዝጉ፤ በዚህ የሚያጡት ነገር የለም። ሰማያዊውን ራይት መዝጋት ግን አስበው የሚያደርጉት ይሁን፤ ርቀው ላሉ ወላጆች ያ ሰማያዊ ምልክት ልጃቸው ደህና ውሎ ስልኩን እንደከፈተ የሚያውቁበት ብቸኛ መንገድ ሊሆን ይችላልና። ዘግተው ከሆነ «ራይቱን ዘግቼዋለሁ፤ ግራጫ ብታዩ እንዳትጨነቁ» ብለው አስቀድመው ይንገሯቸው። መልስ የሚጠብቁት እርስዎ ከሆኑና ጉዳዩ የሆስፒታል፣ የገንዘብ ወይም የመንገድ ከሆነ ደግሞ ራይት እየቆጠሩ አይጠብቁ፤ ይደውሉ።